ተለብሶ የተመለሰው በርኖስ፦ ምን ያህል ልመልስላት?

«ከመንዝ የሚመጣ ባናና በርኖስ ደብረ ብርሃን ሆኜ በቴሌግራም እሸጣለሁ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ አንዲት የአዲስ አበባ ደንበኛ ለአባቷ አንድ በርኖስ በ6,000 ብር ገዛችኝ፤ የመኪናውን 150 ብርም እሷ ከፈለች። ማስታወቂያው ላይ ‹ሙሉ ቁመት› ብቻ ነው ያልኩት፤ በስልክ ደግሞ ‹ካልሆነው መልሺው› ብያታለሁ። ከ12 ቀን በኋላ ‹አጠረው› ብላ፣ የመመለሻውን 150 ብር ከፍላ ላከችው። ስከፍተው ፊት ለፊቱ ላይ የሰም ጠብታ፣ ጫፉ ላይ ጭጎጎት አገኘሁ። ጭስ ጭስ ይላል፤ የአንገቱ ማሰሪያም በአንድ በኩል ተበጥሷል። ስደውልላት ‹ከመለካት በቀር አልለበሰውም፤ ማሰሪያውም ሲመጣ ጀምሮ የላላ ነበር› አለችኝ። ስልከው ከፊት ያነሳሁት አንድ ፎቶ አለኝ፤ ማሰሪያው ግን ታጥፎ አይታይም። በርኖሱን ምንም ሳልነካ ላስቲኩ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ባለቤቴ ‹አንዲት ሳንቲም እንዳትመልሺ› ይላል፤ እኔ ደግሞ ስሜ እንዳይጠፋ እፈራለሁ። ምን ያህል ልመልስላት?»
ነጋዴዋ፣ ከደብረ ብርሃን

እህቴ፣

ከሂሳቡ በፊት አንድ የሚያስቸኩል ነገር አለ፤ በርኖሱን ዛሬውኑ ከላስቲኩ ያውጡት። ሳይነኩት ማቆየትዎ ማስረጃ ለመጠበቅ ከሆነ ሐሳብዎ ልክ ነው፤ ነገር ግን ሱፍ የክብደቱን ሲሶ የሚያህል እርጥበት ይዞ እንኳ በእጅ ሲነካ ደረቅ ሊመስል የሚችል ነገር ነው። በነሐሴ ጉም በታሸገ ላስቲክ ውስጥ ከቆየ ይሻግታል፤ ያ ሻጋታ ደግሞ በእርስዎ እጅ የመጣ ጉዳት ስለሚሆን ከደንበኛዎ ሒሳብ ላይ ሊቀንሱት አይችሉም። ይባስ ብሎም እሷ ያደረሰችውንና በመጋዘን የደረሰውን መለየት ያቅትዎታል።

ስለዚህ ጠዋት፣ ብርሃን በሚገባበት በር አጠገብ፣ ንጹሕ ነጠላ ወይም አንሶላ ያንጥፉና በርኖሱን ይዘርጉት። አንድ ጎረቤት አጠገብዎ ቢኖር መልካም ነው። አስቀድመው መጠቅለያውን ከውጭ፣ ቀጥሎም ሙሉውን በርኖስ ከፊትና ከኋላ ፎቶ ያንሡ፤ ከዚያ እያንዳንዱን ነውር ሁለት ጊዜ፣ አንዱን ከቅርብ፣ ሌላውን ደግሞ በልብሱ የትኛው ቦታ ላይ እንዳለ በሚያሳይ ርቀት ያንሡት። ከቅርብ ብቻ የተነሣ ፎቶ የሰሙን ጠብታ ያሳያል እንጂ ጠብታው ደረት ላይ ይሁን ጀርባ ላይ አያሳይም፤ በዚህ ጉዳይ ደግሞ፣ ወደ ኋላ እንደማስረዳዎት፣ ዋናው ነገር ቦታው ነው። ጠረኑን ፎቶ ሊይዘው ስለማይችል ለጎረቤትዎ ያሽትቱትና ያለውን ከነቀኑ ጽፈው ያስቀምጡ። ይህ ሁሉ ሳይጠናቀቅ ሰሙን አይፋቁ፣ ጭጎጎቱንም አይልቀሙ።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ራሴ ስለተጎዳሁበት ነው። ብርድ ልብስ እሸጥ በነበረበት ዘመን አንድ ደንበኛ ዘይት የነካው ብርድ ልብስ መለሰልኝ። እኔም በንዴት የዚያኑ ቀን በሙቅ ውሃና በሳሙና አሸሁት። ዘይቱ ለቀቀ፤ ብርድ ልብሱ ግን ሱፍ ነበርና ተሸመቀቀ፣ ከርዝመቱም አንድ ክንድ ያህል ጎደለ። ደንበኛው «የቱ ላይ ነበር ዘይቱ?» ብሎ ሲጠይቀኝ የማሳየው አንዳች ነገር አልነበረኝም፤ የቀረው ጉዳት በሙሉ የእኔ ነበርና ገንዘቡን አንድም ሳላጎድል መለስሁለት።

አሁን ወደተዘረጋው በርኖስ እንመለስ። የሚፈልጉት ለአንድ ጥያቄ መልስ ነው፤ እያንዳንዱ ነውር በማን እጅ፣ በምን ምክንያት መጣ? ሦስት ዕድል አለ። ከእርስዎ ዘንድ ሲወጣ ጀምሮ የነበረ ሊሆን ይችላል፤ በመንገድ ላይ የደረሰ ሊሆን ይችላል፤ ወይም በገዢዋ ቤት የደረሰ ሊሆን ይችላል። ገንዘብ የሚቀነሰው በሦስተኛው ብቻ ነው፤ ያውም መሆኑን በሚያሳምን ማስረጃ ሲደገፍ ነው።

የመንገዱን ጉዳት ለመለየት መጠቅለያውን ይመልከቱ። መኪና ጣሪያ ላይ የተጫነ ዕቃ ዝናብ፣ አቧራ ወይም የሞተር ዘይት ቢነካው ጉዳቱ የሚገባው ከውጭ ወደ ውስጥ ነው፤ ላስቲኩ ይቀደዳል ወይም ይቆሽሻል፣ ከእሱ ጋር የተያያዘው የልብሱ እጥፋት ደግሞ ከውስጠኛው ይልቅ ይጎዳል። የእርስዎ ላስቲክ ንጹሕ ሆኖ ሰሙ ከውስጠኛው እጥፋት ከተገኘ፣ መንገዱን ጥፋተኛ ማድረግ አይቻልም።

ከዚያ ሰሙን አቅርበው ይዩት። ሰው በርኖስ ደርቦ ጧፍ ሲይዝ እጁ ከደረቱ ፊት ስለሚሆን ጠብታው የሚወርደው በአንድ በኩል፣ ከደረት እስከ ጉልበት ባለው መስመር ላይ ነው፤ ልብሱ ቀጥ ብሎ ስለሚንጠለጠልም ጠብታው ወደታች የተጎተተ፣ ከላይ ቀጠን ከታች ወፈር ያለ ይሆናል። ተጣጥፎ በተቀመጠ ልብስ ላይ የወደቀ ሰም ግን ክብ ሆኖ ይረጋል፣ ቦታውም ልብሱ እንደታጠፈበት ሁኔታ ነው። ጭጎጎቱም የራሱን ይናገራል፤ ከጫፉ ዙሪያ ብቻ ተሰብስቦ ከተገኘ፣ ልብሱን የለበሰው ሰው ሣር ባለበት መሬት ላይ ሄዷል ማለት ነው፤ በቤት ውስጥ በመስታወት ፊት የተለካ በርኖስ ጭጎጎት አያነሣም። ወደታች የተጎተተ ሰምና በጫፉ ዙሪያ ያለ ጭጎጎት አንድ ላይ ከተገኙ፣ ከፊት ባነሡት ፎቶ ላይ ደግሞ ሁለቱም ከሌሉ፣ በርኖሱ ተለብሶ ከቤት ውጭ ውሏል ወይም አድሯል ብሎ መደምደም ይቻላል። ጊዜው ፍልሰታ ነውና አባት ቅዳሴ ሄደውበት ሊሆን ይችላል፤ ልጃቸው ሳታውቅ ለብሰውት ሊሆንም ይችላልና «ዋሽተሻል» የሚለውን ቃል ከአፍዎም ከጽሑፍዎም ያርቁት። የሚያስፈልግዎ ልብሱ መለበሱ እንጂ ማን ምን ብሎ እንደነበር አይደለም።

«አጠረው» የሚለውንም ሳይመረምሩ አይለፉት። ሱፍ በሙቅ ውሃ ታሽቶ ከሆነ ያጥራልና፣ ያሳጠረው እጥበት ይሁን አስቀድሞም አጭር ይሁን ማወቅ ይገባል። እጥበት ያሸመቀቀው ሱፍ በቁመት ብቻ ሳይሆን በስፋትም ይቀንሳል፤ ሲነካ ወፍሮና ደርቆ ይገኛል፣ የድሩና የማጉ መስመርም ይደበዝዛል። ከዚያው ሸማኔ የመጣ ሌላ በርኖስ ካለዎት ጎን ለጎን አንጥፈው ቁመቱንም ስፋቱንም በሜትር ይለኩ። ስፋቱ እኩል፣ ድሩ ጥርት ያለ ሆኖ ካገኙት አልታጠበም፤ አባትዬው ረጅም ሰው ናቸው ማለት ነው።

እዚህ ላይ የእርስዎ ድርሻ ይመጣል። «ሙሉ ቁመት» ልኬት አይደለም። ለአጭር ሰው ሙሉ የሆነው ለረጅም ሰው ጉልበት ላይ ይቀራል። ማስታወቂያው ላይ በሴንቲ ሜትር ጽፈው ቢሆን ኖሮ ሳይለኩ ማዘዝ የገዢዋ ስሕተት ይሆን ነበር፤ አሁን ግን ዕቃው የተመለሰበት ምክንያት ከፊሉ ከእርስዎ አገላለጽ የመነጨ ነው። «ካልሆነው መልሺው» ሲሉም የቀን ገደብ አልጠቀሱም። ስለዚህ 12 ቀን መቆየቱን ምክንያት አድርገው ዕቃውን አልቀበልም ማለት አይችሉም፤ ገደብ የሚጸናው ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ሲነገር እንጂ ዕቃ ከተመለሰ በኋላ ሲታሰብ አይደለም።

ሕጉም በሩቅ አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን አንሥቶ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በበኩሉ ገዢው ዕቃውን እንደቻለ ቶሎ መርምሮ፣ ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ልብሱ ልክ አለመሆኑ፣ ማጠሩ፣ በራሱ የዕቃው ጉድለት አይደለም፤ እሱን የሚዳኘው በስልክ የገቡት ቃል ነው። የማሰሪያው ነገር ግን ጉድለት ሊባል የሚችል ነው፣ ወደ እሱ እመጣለሁ።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። ብዙ ነጋዴ «ለጭሱ ይህን ያህል፣ ለሰሙ ይህን ያህል» እያለ በግምት ይቀንሳል፤ እኔ ይህን አልቀበለውም፣ ምክንያቱም ቁጥሩ ከዕቃው ሳይሆን ከሰውየው ንዴት የሚመነጭ ይሆናል። የሚቀነሰው ዕቃው ያጣው ዋጋ ነው፤ ይኸውም አዲስ ሳለ በሚሸጥበትና ዛሬ ባለበት ሁኔታ፣ እውነቱ ለገዢ ተነግሮ፣ ሊሸጥ በሚችልበት ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ነው። የባከነ ጊዜዎ፣ ያጡት ትርፍና የከፈሉት የስልክ ካርድ እዚህ ውስጥ አይገቡም።

ያን ዋጋ ለማግኘት አስቀድመው ሊጸዳ የሚችለውን ያጽዱ። በርኖሱን ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ ሥር ለሁለት ሦስት ቀን ይስቀሉት፤ የጭስ ጠረን ከሱፍ ላይ ሳይታጠብ በነፋስ ብቻ በአብዛኛው ይለቃል። ሰሙ በብርድ ሲደርቅ በጥፍር ይሰባበራል፤ በሱፉ ውስጥ የቀረውን ከላይም ከታችም ንጹሕ ወረቀት አድርገው በለብታ ካውያ ሲጫኑት ወረቀቱ ይመጠዋል፤ ወረቀቱን እየለወጡ ሰም መምጠጡን እስኪያቆም ይድገሙት። ካውያው ከለብታ ካለፈ ሱፉ ይለበለባልና አስቀድመው ከውስጥ በኩል ባለ ጥግ ላይ ይሞክሩት። ጭጎጎቱን በእጅ አንድ በአንድ ይልቀሙ፤ ቢጎትቱት ክሩን ይዞ ይወጣል። ይህን ለሚያውቅ ሰው ሰጥተው ያሠሩት ከሆነ የከፈሉትን ደረሰኝ ወይም ቢያንስ በጽሑፍ የተሰጠ ማረጋገጫ ይያዙ። ለምሳሌ 300 ብር ከፈሉ እንበል።

ከጸዳ በኋላ በርኖሱን ለሁለት ነጋዴዎች ያሳዩ። ታሪኩን አይንገሯቸው፤ ሲሰሙ ይፈርዱልዎታል፣ ፍርድ ደግሞ ዋጋ አይደለም። «በስንት ትገዛኛለህ?» ብለውም አይጠይቁ። ነጋዴ የሚገዛበትን ሲጠየቅ የራሱን ትርፍ ቀንሶ ይናገራል፤ ያንን ቁጥር ከያዙ የነጋዴውን ትርፍ ደንበኛዎን ማስከፈልዎ ነው። «አንድ ሁለቴ የተለበሰ መሆኑን ለገዢ ነግረህ፣ በስንት ትሸጠዋለህ?» ይበሉ። አንዱ 5,200፣ ሌላው 4,800 ቢልዎት መካከሉ 5,000 ነው። እንግዲህ ዕቃው ከጸዳም በኋላ አዲስ አለመሆኑ ብቻ 1,000 ብር አሳጥቶታል፤ በዚህ ላይ የማጽጃው 300 ብር ሲደመር 1,300 ይሆናል። 5,000 የጸዳ በርኖስ ዋጋ ስለሆነ የማጽጃው ለብቻው መያዙ ትክክል ነው። ዋጋውን ያስገመቱት ሰሙና ጭጎጎቱ እንዳለ ቢሆን ኖሮ ግን ቆሻሻው በግምቱ ውስጥ ስለገባ የማጽጃውን እንደገና መጨመር አንድን ጉዳት ሁለቴ ማስከፈል ይሆን ነበር፤ በዚህ ቦታ የሚሳሳት ሰው ብዙ ነው።

ማሰሪያውን ከሂሳቡ አውጥቼዋለሁ። ገዢዋ ሲመጣ ጀምሮ የላላ ነበር ትላለች፤ የእርስዎ ፎቶ ደግሞ አያሳየውም። የተበጠሰውን ክር ጫፍ ግን ይመልከቱት። ክሩ በአንድ ጊዜ ተስቦ የተበጠሰ ከሆነ ጫፎቹ ተበታትነው የተለያየ ርዝመት ይኖራቸዋል፤ የስፌቱ ክር ቀስ በቀስ ተተርትሮ የለቀቀ ከሆነ ግን ማሰሪያው ራሱ ደኅና ሆኖ፣ መርፌው የገባበት ቀዳዳ ብቻ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ይህ ሁለተኛው ከሆነ ሸማኔው ወይም ሰፊው አላጠበቀውም ማለት ነው፣ እሷም እውነቷን ነው። የመጀመሪያው ቢሆን እንኳ በማን እጅ እንደተበጠሰ ማስረጃ የለዎትም። ማስረዳት የማልችለውን አልቀንስም፤ ሰፊው 150 ብር ቢያስከፍልዎት ከራስዎ ኪስ ይክፈሉት። ይህን ማድረግዎ ደግሞ በ1,300 ብሩ ላይ ያለዎትን ቃል ያጠነክረዋል፤ ያልተረጋገጠውን የተወ ሰው የተረጋገጠውን ሲጠይቅ ይታመናልና።

የመጓጓዣው ጉዳይ ቀርቷል። የመጀመሪያውን 150 ብር ለሷ ጥቅም የተጓዘ ዕቃ ነውና እንደተከፈለ ይተውት። የመመለሻውን ግን፣ ልኬት ሳይጽፉ ስለሸጡ፣ እርስዎ ቢሸፍኑ ተገቢ ነው እላለሁ። ሌላ ሰው በዚህ ላይ ሊከራከረኝ ይችላል፣ አባትየው መልበሳቸውን እያነሣ፤ ሆኖም በርኖሱ ባይለበስም ኖሮ ስላጠራቸው መመለሱ አይቀርም ነበር። እንግዲህ ከ6,000 ላይ 1,300 ሲቀነስ 4,700፣ የመመለሻው 150 ሲጨመር 4,850 ብር ይሆናል።

ባለቤትዎ የሚሉትን በዚህ ሚዛን ያስቀምጡት። ገንዘቡንም በርኖሱንም ይዘው ቢቀሩ በእጅዎ 6,000 ብርና 5,000 ብር የሚያወጣ ልብስ ይኖርዎታል፤ የጠፋብዎ ግን 1,300 ብር ብቻ ነው። ገንዘብ አልመልስም ማለት የሚቻለው ዕቃውን ሲመልሱላት ብቻ ነው። ስለዚህ ለደንበኛዎ ምርጫ ይስጧት፤ 4,850 ብር ትቀበል ወይም በርኖሱን መልሳ ትውሰድ። መልሳ የምትወስድ ከሆነ ማጽጃውን አያስከፍሏት፣ ማሰሪያውንም አሰፍተው ይላኩላት። ስምዎን ብቻ ፈርተው ሙሉውን 6,000 መመለስም ይችላሉ፣ ገንዘቡ የእርስዎ ነው። እንዲያ ካደረጉ ግን ስጦታ መሆኑን ገልጸው ይስጡት እንጂ ዕቃው ያልተጎዳ በማስመሰል አይስጡት።

ይህን በስልክ አይጨርሱት። ስልክ ላይ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ቁጥርም ይረሳል። ፎቶዎቹን አስቀድመው ልከው በቴሌግራም እንዲህ ብለው ይጻፉላት፦

«ጤና ይስጥልኝ እህቴ። በርኖሱ ደርሶኛል፣ ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። ስከፍተው ያገኘሁትን በፎቶ ልኬልዎታለሁ፤ በፊት ለፊቱ ሰም፣ በጫፉ ጭጎጎት አለበት፣ ስልክልዎ ባነሣሁት ፎቶ ላይ ግን እነዚህ አይታዩም። አባትዎ ምናልባት ለብሰውት ወጥተው ከሆነ ቅር አይለኝም፤ ነገር ግን እንደ አዲስ ልሸጠው አልችልም። ለማጽዳት 300 ብር ከፍያለሁ፣ ከጸዳ በኋላም ገበያ ላይ 5,000 ብር ነው የሚያወጣው። ማሰሪያውን በእኔ ወጪ አሰፋዋለሁ። ቁመቱን በልኬት ስላልጻፍኩልዎ የመመለሻውን 150 ብር እኔ እችላለሁ። ስለዚህ የምመልስልዎ 4,850 ብር ነው። በዚህ የማይስማሙ ከሆነ በርኖሱን ማሰሪያውን አሰፍቼ፣ የማጽጃውንም ትቼ መልሼ እልክልዎታለሁ። የሚመርጡትን ይንገሩኝ።»

አንቱታውን ይጠብቁ፤ በደብዳቤዎ «እሷ» ያሏትን ሰው በጽሑፍ «እርስዎ» ማለት ክርክሩን ያለዝበዋል። መልስ ሳታገኙ ገንዘብ አይላኩ። ግማሽ ገንዘብ ተልኮ ግማሹ ላይ ክርክር ከተነሣ የትኛው የስምምነት፣ የትኛው የቅድሚያ እንደሆነ ይምታታል። ስትስማማ ግን የዚያኑ ዕለት በቴሌብር ወይም በባንክ ልከው ምክንያቱ በሚጻፍበት ቦታ «የበርኖስ ተመላሽ» ብለው ይሙሉ፣ የማረጋገጫውንም ምስል ይላኩላት።

ምናልባት «አልተለበሰም» በሚለው ጸንታ ትቀር ይሆናል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያለ ቁጣ፣ ጠብታው ያለበትን ቦታ የሚያሳየውን ፎቶ ከእርስዎ መላኪያ ፎቶ ጎን አድርገው ይላኩላትና ሁለታችሁም የምታከብሩት አንድ ሰው እንዲያየው ይጠይቋት። በመካከላችሁ የሚያውቃችሁ ሰው ባይኖር የንግድ ጽሕፈት ቤት የሸማቾችን አቤቱታ ይሰማል፤ ወደዚያ ብትሄድ አይደንግጡ፣ እስካሁን የሰበሰቡት ፎቶና ደረሰኝ ለዚያ ዕለት የሚበቃ ነው። ለ1,300 ብር ሲባል ከዚያ ወዲያ መሄድ ግን አያስፈልግም ባይ ነኝ።

ለሚቀጥለው በርኖስ ሁለት ነገር ብቻ ያድርጉ። ቁመቱንና የትከሻውን ስፋት በሴንቲ ሜትር ይጻፉ፤ ማሰሪያው ላይ ደግሞ ትንሽ ወረቀት በክር ቋጥረው፣ ክሩ እስካልተበጠሰ ድረስ ዕቃው እስከ 5 ቀን እንደሚመለስ ከክፍያው በፊት ይንገሩ። ወረቀቱ አንገት ላይ ሲንጠለጠል ልብሱን ለመለካት አያግድም፤ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ግን የግድ ይቆረጣል። ከመላክዎ በፊትም ማሰሪያውን ዘርግተው ከነወረቀቱ ፎቶ ያንሡት።

የተመለሰውን በርኖስ ሲሸጡት አንድ ጊዜ ተለብሶ የጸዳ መሆኑን ለአዲሱ ገዢ ይንገሩ። በ5,000 ወይም በዚያው አካባቢ ከተሸጠ ሒሳቡ ተዘግቷል። ነገር ግን አንድ ሰው መለበሱን እያወቀ በሳምንቱ 6,000 ብር ቢከፍልዎ፣ ጠፋ ብለው የያዙት 1,000 ብር አልጠፋም ማለት ነውና ለአዲስ አበባዋ ደንበኛዎ መልሰው ይላኩላት፤ የማጽጃው 300 ብር ግን በእርግጥ የወጣ ወጪ ስለሆነ ከእርስዎ ዘንድ ይቀራል።